ገልብጠሽ አንብቢው፦ «በእኔ አመለካከት» ብሎ ስለሚጀምር አንቀጽ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዬ

ይድረስ ለተማሪዬ፤

ባለፈው ሳምንት ወረቀትሽን ይዘሽ መጥተሽ «ሐሳባችሁን ጻፉ ብለውን አልነበር? እኔ ሐሳቤን ነው የጻፍኩት» ያልሽኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። በወረቀትሽ ህዳግ ላይ አራት ቦታ «ማስረጃሽ የት አለ?» ብዬ ጽፌአለሁ። አሁን ሳስበው ያ ጥያቄ ላንቺ መልስ አልሆነሽም። ለምን እንደምጠይቅ ሳልነግርሽ የጠየቅኩት ጥያቄ ስለሆነ፣ ሐሳብሽን የናቅኩት መስሎሽ ብትሄጂ አልፈርድብሽም። ስለዚህ ሁለተኛውን አንቀጽሽን ብቻ ይዤ በዝርዝር ልጻፍልሽ። የድርሰቱ ጥያቄ «ፈተና ለተማሪው ትምህርት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» የሚል ነበር። አንቺ እንዲህ ብለሽ መለስሽ፦

«በእኔ አመለካከት ፈተና ለተማሪ አይጠቅምም። ተማሪ የሚያጠናው ለማወቅ ሳይሆን ለማለፍ ብቻ ነው። ፈተናው እንዳለቀ ያጠናውን ሁሉ ይረሳዋል። ይህ ሁሉም ሰው የሚያውቀው እውነት ነው። ስለዚህ ፈተና ሙሉ በሙሉ ቀርቶ ተማሪው በነፃነት እንዲማር መደረግ አለበት።»

ቋንቋው ንጹሕ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ አቋምሽም ግልጽ ነው። ታዲያ ከዐሥር አራት ለምን ሰጠሁት?

አንቀጹን ስንገለብጠው

አሁን ይህንኑ አንቀጽ አቋሙን ብቻ ገልብጬ ልጻፈው። የዓረፍተ ነገሮቹን ቁጥርም ቅርጽም አልነካም።

«በእኔ አመለካከት ፈተና ተማሪን በጣም ይጠቅማል። ተማሪ ፈተና ባይኖርበት ደብተሩን አይገልጥም። ለፈተና ብሎ ያጠናው ነገር ደግሞ ከአእምሮው አይጠፋም። ይህ ሁሉም ሰው የሚያውቀው እውነት ነው። ስለዚህ ፈተና ከአሁኑ ይበልጥ መብዛት አለበት።»

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አንብቢያቸው። የትኛው ትክክል ነው? ከአንቀጾቹ ውስጥ ተነስተሽ ልትመልሺው አትችዪም። የመጀመሪያው ትክክል የሚመስለው ቀድሞውኑ ፈተናን ለሚጠላ አንባቢ ነው፤ ሁለተኛውም ትክክል የሚመስለው ቀድሞውኑ ፈተናን ለሚደግፍ አንባቢ ነው። ሁለቱም ማንንም ከቆመበት አያንቀሳቅሱም። ማስረጃ የሌለው አንቀጽ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ስትገለብጪው ምንም ሳይሰበር ይገለበጣል። ማስረጃ ያለው አንቀጽ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገለበጥም። የሚገለብጠው ሰው በውስጡ ያለውን ቁጥር፣ ሰነድ ወይም ጥቅስ መዋሸት ግድ ይሆንበታል።

እዚህ ላይ የመምህሩን ወንበርም አስቢው። ያንን አንቀጽ ሳርም በእጄ ያለው ምርጫ መስማማት ወይም አለመስማማት ብቻ ነው። በመስማማቴ ነጥብ ብሰጥሽ፣ ተቃራኒውን የጻፈውን ጓደኛሽን በደልኩት ማለት ነው። ባለመስማማቴ ብቀንስብሽ ደግሞ አንቺን በደልኩሽ። ስለዚህ ነጥብ ልሰጥ የምችለው ላጣራው ለምችለው ነገር ነው፤ ከምን ተነስተሽ ወደዚህ አቋም እንደደረስሽ የሚያሳየው መንገድ ነው የሚታረመው። በወረቀትሽ ላይ ድምዳሜው አለ፤ መንገዱ ግን የለም።

«በእኔ አመለካከት» የሚለው ሐረግ ራሱ ጥፋት እንዳልሆነም ልንገርሽ። ብዙ ተማሪዎች አስተያየታችንን ሲያነቡ «እኔ» የሚለውን ቃል እያሳደዱ ያጠፉና በቦታው «ይታመናል»፣ «ይነገራል» ይተካሉ። ይህ ነገሩን ያባብሰዋል። «እኔ አምናለሁ» ቢያንስ የሚያምነው ማን እንደሆነ ይናገራል። «ይታመናል» ግን አማኙንም ደበቀው።

አንዱን ዓረፍተ ነገር መፈተሽ

ከአምስቱ ዓረፍተ ነገሮችሽ ሦስተኛውን እንውሰድ፤ «ፈተናው እንዳለቀ ያጠናውን ሁሉ ይረሳዋል» የሚለውን። ይህን የመረጥኩት ከሌሎቹ ይበልጥ ሊጣራ የሚችል ስለሆነ ነው። መርሳት ይለካል። ዛሬ ምን ያህል እንደሚያስታውስ፣ ከሳምንት በኋላስ ምን ያህል እንደቀረው ሰውን ጠይቆ ማወቅ ይቻላል። «በነፃነት መማር» የሚለው ግን እስክትተረጉሚው ድረስ በምንም አይለካም።

ዓረፍተ ነገሩን ከያዝሽ በኋላ ራስሽን የምትጠይቂው እንዲህ ነው፤ ይህ እውነት ቢሆን ምን እናይ ነበር? ሐሰት ቢሆንስ? የአንቺ አባባል እውነት ከሆነ፣ የተፈተነ ተማሪ ካልተፈተነ ተማሪ ያላነሰ መርሳት አለበት። አየሽ፤ ገና ማስረጃ ሳንፈልግ አንድ ነገር ጎድሎ ተገኘ። ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ ይረሳል። ፈተና «ያስረሳል» ወይም «አይጠቅምም» ለማለት፣ ያው ሰው ሳይፈተን ቢቀር ምን ያህል ይረሳ እንደነበር ማወቅ አለብሽ። ከአራቱ የህዳግ ጥያቄዎቼ አንዱ ይህንኑ ለማለት ነበር፤ ሦስት ቃል ብቻ ስለጻፍኩ አልተሰማም።

ይህን ጥያቄ በትክክል የፈተነ ጥናት አለ። ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ነው። በመጀመሪያው ሙከራቸው 120 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጫጭር ምንባቦችን አነበቡ። አንዱን ምንባብ ሰባት ደቂቃ ካነበቡ በኋላ እንደገና ሰባት ደቂቃ አነበቡት። ሌላውን ምንባብ ግን አንዴ ካነበቡ በኋላ በሁለተኛው ሰባት ደቂቃ ምንባቡ ተወስዶ፣ የሚያስታውሱትን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ያ ጽሑፍ ፈተና ነው፤ እርማትም መልስም አልተሰጣቸውም። ከዚያ አንዳንዶቹ ከአምስት ደቂቃ፣ አንዳንዶቹ ከሁለት ቀን፣ የቀሩት ከአንድ ሳምንት በኋላ የመጨረሻውን ፈተና ወሰዱ።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግሞ ማንበብ በለጠ፤ ሁለቴ ካነበቡት 81 በመቶ፣ አንብበው ከተፈተኑበት 75 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ሁለቴ ካነበቡት የቀራቸው 42 በመቶ ሲሆን፣ ከተፈተኑበት የቀራቸው 56 በመቶ ነበር። ማለትም ምንባቡን ዳግም ሳያዩ ለማስታወስ መታገላቸው፣ ዳግም ከማንበብ ይልቅ እውቀቱን አቆየላቸው።

እንግዲህ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገርሽ ምን ሆነ? አንዱ ግማሹ ቆሟል፤ የተፈተኑትም ቢሆኑ ከሳምንት በኋላ ግማሽ ያህሉን ረስተዋል። ሌላው ግማሹ ግን ወድቋል፤ መርሳቱን ያመጣው ፈተናው አይደለም፤ እንዲያውም ቀንሶታል። ያንን ሳታጣሪ ዓረፍተ ነገሩን ለአንቀጽሽ ምሰሶ አድርገሽው ነበር።

ሁሉም ሰው የሚያውቀው

አራተኛው ዓረፍተ ነገርሽ «ይህ ሁሉም ሰው የሚያውቀው እውነት ነው» ይላል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከአንቀጹ ሁሉ ይበልጥ የሚጎዳሽ እርሱ ነውና።

የእነ ሮዲገር ሁለተኛ ሙከራ ሦስት ቡድን ነበረው። አንዱ ቡድን ምንባቡን በአራት ተከታታይ ጊዜ አነበበ። ሌላው ሦስት ጊዜ አንብቦ አንዴ ተፈተነ። ሦስተኛው አንዴ ብቻ አንብቦ ሦስቴ ተፈተነ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ተማሪዎቹን «ከሳምንት በኋላ ምን ያህል የምታስታውሱ ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቋቸው። ብዙ አስታውሳለሁ ብሎ የተማመነው አራት ጊዜ ያነበበው ቡድን ነበር። ሳምንቱ ሲሞላ ያ ቡድን ያስታወሰው 40 በመቶ ሲሆን፣ አንዴ ብቻ አንብቦ ሦስቴ የተፈተነው ቡድን 61 በመቶ አስታወሰ።

አስተውዪ፤ እነዚህ ሰዎች ስለ ሌላ ሰው አልተጠየቁም። ስለ ገዛ አእምሮአቸው፣ ከደቂቃዎች በፊት ስላደረጉት ነገር ነው የተጠየቁት። «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» እንላለን፤ ለብዙ ነገር እውነት ነው። እዚህ ግን የነበሩት ራሳቸው ተሳሳቱ። ምንባቡ ሲደጋገም ይለመዳል፤ የለመድነው ነገር ደግሞ የምናውቀው ይመስለናል። ያ ስሜት ከማወቅ ጋር እንደማይሄድ በውስጣችን ሆነን ልናየው አንችልም። ያየነው ሌላ ሰው ሲለካው ነው።

የግል ተሞክሮ በድርሰት ውስጥ ደካማ ምሰሶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ተሞክሮሽ ውሸት ስለሆነ አይደለም። ፈተና ጨርሰሽ የወጣሽ ዕለት ሁሉም ነገር ከጭንቅላትሽ የጠፋ መስሎ ተሰምቶሽ ይሆናል፤ እኔ አልክድሽም። ግን ባትፈተኚ ኖሮ ምን ያህል ይቀርሽ እንደነበር አላየሽም፤ ልታዪውም አትችዪም። ተሞክሮ ጥያቄ ለማንሳት እጅግ ጠቃሚ ነው። የምርጥ ድርሰቶች መነሻ ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። መልሱን ግን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለብሽ።

ጥገና የሚመስሉ ሁለት ነገሮች

«ማስረጃ ጨምሪ» ስልሽ ልታደርጊ የምትችዪውን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ በየዓመቱ የማየው ነውና።

የመጀመሪያው «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» የሚል ሐረግ ከፊት መለጠፍ ነው። የትኛው ጥናት? የማን? በማን ላይ የተደረገ? «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚባለው እዚህ ይሠራል። ጥናቱን ሳታነቢ የጥናትን ድምፅ ብቻ ትቀጃለሽ፤ አንባቢሽ አንዴ «የቱ ጥናት?» ሲል አንቀጹ ይወድቃል። የደራሲ ስምና ዓመት የምንጠይቀው ለሥርዓት ብቻ አይደለም። አንባቢው ሄዶ አንቺ ያየሽውን ራሱ እንዲያይ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው። ትክክለኛ ምንጭ ታመጪና ከአቋምሽ አጠገብ ሳታያይዢው ታስቀምጪዋለሽ። ለምሳሌ «ፈተና መብዛት አለበት። ሮዲገር እና ካርፒክ (2006) የተፈተኑ ተማሪዎች 56 በመቶ እንዳስታወሱ ጽፈዋል» ብትዪ፣ ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ድልድይ ግን የለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቲቨን ቱልሚን እ.ኤ.አ. በ1958 ክርክርን ሲተነትን አቋምና ማስረጃ ብቻ እንደማይበቁ አሳይቷል። ከማስረጃው ወደ አቋሙ እንድንሻገር የሚፈቅድልን ሦስተኛ ነገር አለ። አንባቢው «እሺ፣ 56 በመቶ አስታወሱ፤ ታዲያ ምን ይሁን?» ሲል የሚመልስለት ዓረፍተ ነገር ማለት ነው።

ያን ዓረፍተ ነገር ልትጽፊ ስትሞክሪ ማስረጃሽ እስከ የት እንደሚደርስ ይገለጥልሻል። በዚያ ሙከራ ፈተናው ውጤት የሚሰጥበት አልነበረም፤ ማንም አይወድቅበትም። ተማሪው ብቻውን በወረቀት ላይ ያስታወሰውን ጻፈ እንጂ፣ ዓመቱን የሚወስን ፈተና አልተቀመጠም። ስለዚህ ጥናቱ «ለማስታወስ መሞከር እውቀትን ያቆያል» ይልሻል። «የማጠቃለያ ፈተና ጥሩ ነው» አይልሽም። በፈተና ጭንቀት ላይም አንዳች አልተናገረም። ያልተናገረውን ካስነገርሽው፣ ምንጭ ጠቅሰሽም ቢሆን አንቀጽሽ ተመልሶ ያልተደገፈ አስተያየት ይሆናል።

አንቀጹ ሲታደስ

አሁን ይህን ሁሉ ይዤ አንቀጽሽን አንድ ጊዜ ልጻፈው። ያንቺን ቁጣ አልጣልኩትም፤ ቦታውን ብቻ ነው የቀየርኩት።

«ተማሪ ለፈተና ያጠናውን ፈጥኖ ይረሳል የሚል ቅሬታ አለ። ሮዲገር እና ካርፒክ (2006) ግን ተማሪዎች ምንባብ ካነበቡ በኋላ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ ሲደረግ፣ ከሳምንት በኋላ 56 በመቶውን እንዳስታወሱ፣ ምንባቡን ደግመው ብቻ ሲያነቡት ግን 42 በመቶውን እንዳስታወሱ አሳይተዋል። ይህ የሚያመለክተው ችግሩ በመፈተኑ ላይ አለመሆኑን ነው፤ ለማስታወስ መሞከር ራሱ ማጥኛ ነውና። ሆኖም በሙከራው የነበረው ፈተና ውጤት የማይሰጥበትና በትምህርቱ መካከል የገባ ነበር። ፈተና የሚሰጠው ትምህርቱ ካለቀ በኋላ አንዴ ብቻ ከሆነ፣ ተማሪው ከዚህ ጥቅም የሚያገኘው ጥቂት ነው። ስለዚህ ፈተና ይቅር ከማለት ይልቅ፣ ነጥብ የማይያዝባቸው አጫጭር ፈተናዎች በየምዕራፉ መካከል ቢገቡ ይሻላል ብዬ እከራከራለሁ።»

መጨረሻ ላይ «ብዬ እከራከራለሁ» የሚለውን አየሽው? አስተያየት ነው፤ ያውም የጸሐፊዋ የራሷ። ጥናቱ ያንን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የትም አልጻፈውም። ከላይ ካሉት አምስት ዓረፍተ ነገሮች የተወለደ ስለሆነ ግን ነጥብ የምሰጠው በዋናነት ለእርሱ ነው። ሌላው ሰው የለካውን መልሶ መንገር የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ማንም ያላለውን ማለት ግን ያንቺ ሥራ ነው። «ሐሳባችሁን ጻፉ» ስላችሁ የፈለግኩት ያንን ነበር።

የቀድሞውን አንቀጽሽን አምስተኛ ዓረፍተ ነገርም ተመልከቺው። «ፈተና ሙሉ በሙሉ ይቅር» የነበረው «አጫጭር ፈተናዎች በመካከል ይግቡ» ሆኗል። አቋሙ ጠበበ። ተማሪዎች ይህን እንደ ሽንፈት ይቆጥሩታል፤ አንቺም «ሐሳቤን አስቀየሩኝ» ልትዪ ትችያለሽ። እኔ አላስቀየርኩሽም፤ ከዐሥሩ ዐሥር ለማግኘትም ከእኔ ጋር መስማማት አይጠበቅብሽም። «ፈተና ይቅር» የሚለውን አቋም መያዝ ከፈለግሽ ያዢው። ግን የ42ን እና የ56ን ቁጥር አይተሽ እንዳላየሽ ልታልፊው አትችዪም። «እውቀት ማስታወስ ብቻ አይደለም፤ ይህ ሙከራ የለካው ደግሞ ማስታወስን ብቻ ነው» ብለሽ ብትከራከሪ፣ ጠንካራ መልስ ነው፤ በደስታ አርመዋለሁ።

አንድ ነገር ላክል፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በምንጭ ማስያዝ አለብኝ ብለሽ እንዳትጨነቂ። «ፈተና በብዙ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል» ለማለት ዋቢ አያስፈልግም፤ ማንም አይከራከርሽም። ካቀረብሽው ማስረጃ የምታወጪው መደምደሚያም ዋቢ አያስፈልገውም፤ ደጋፊው ከላዩ ተቀምጧል። ማስረጃ የሚጠይቀው በቅንነት የሚያስብ ሰው «እንዴት አወቅሽ?» ሊልበት የሚችለው ዓረፍተ ነገር ነው። የሥነ ጽሑፍ ኮርስ ስትወስጂም ሕጉ አንድ ነው፤ ማስረጃው ብቻ ይለወጣል። «ገጸ ባሕርይዋ ፈሪ ናት» ካልሽ፣ የፈራችበትን መስመር ከልቦለዱ ውስጥ ታወጪና ለምን ፍርሃት እንጂ ጥንቃቄ እንዳልሆነ ትገልጪያለሽ።

ሦስተኛው አንቀጽሽ

ወረቀትሽን ለማረም አንድ ሳምንት አለሽ። ሁለተኛው አንቀጽ ከላይ የጻፍኩት ስለሆነ እርሱን አልቀበልም፤ የእኔ ነው። ሦስተኛውን ግን አንቺ ትሠሪዋለሽ። «የፈተና ጭንቀት የተማሪውን ጤና ያበላሻል» ብለሽ የጀመርሽው ነው።

መጀመሪያ ሁለት ቀለም ያዢ። አቋም የሆነውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በአንዱ ቀለም አስምሪበት፤ ሌላ ሰው ሄዶ ሊያጣራው የሚችለውን በሌላው። አሁን ባለበት ሁኔታ ሰባቱም ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ቀለም እንደሚሰመሩ አይቻለሁ። ከሰባቱ አንዱን ብቻ ምረጪ፤ ሰባቱንም ልደግፍ ብትዪ አንድ ገጽ ተኩል የማይበቃሽ ከመሆኑም በላይ ሁሉም ስስ ይሆናሉ። የመረጥሽውን እስኪለካ ድረስ አጥብቢው። «ጤና» ስትዪ እንቅልፍ ነው? የልብ ምት ነው? ትምህርት ማቋረጥ ነው? «ጭንቀት»ስ ከፈተናው በፊት ባለው ሳምንት ነው ወይስ ዓመቱን ሙሉ? «እንቅልፍ» እና «ከፈተናው በፊት ያለው ሳምንት» ብትዪ፣ ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ የምትፈልጊውን ታውቂያለሽ ማለት ነው። «ጭንቀትና ጤና» ብለሽ ብትፈልጊ ግን ሺህ ጽሑፍ ይመጣልሽና የመጀመሪያውን አንስተሽ ትወጫለሽ።

ስታገኚ መጀመሪያ የምታዪው ማነጻጸሪያ መኖሩን ነው፤ ፈተና ያለባቸው ተማሪዎች ከማን ጋር፣ ወይም ከራሳቸው የትኛው ሳምንት ጋር ተነጻጸሩ? ያቺን ካገኘሽ አንቀጹን ጻፊ። ጽፈሽ ስትጨርሺ ገልብጪው። «ፈተና የተማሪውን ጤና አያበላሽም» ብለሽ ጀምሪና ወደታች ውረጂ፤ የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደሚቆምብሽ በህዳጉ ላይ ምልክት አድርገሽ ወረቀቱን አምጪልኝ። መጀመሪያ የማነበው ያንን ዓረፍተ ነገር ነው።

መምህርሽ